የማንሆሉን አቤቱታ ስለ ማረም

ጥያቄ፦ «የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ከብሎካችን ጀርባ ያለው ማንሆል እየሞላ ፍሳሹ ደጃችን ስለሚደርስ አቤቱታ አረቀቅሁ፤ ሦስት ገጽ ሆነ። ያነበቡት ጎረቤቶቼ ምሬት በዝቶበታል፣ አንዱ ነገር ይደጋገማል፣ ምን እንደምትጠይቅም አይታወቅም አሉኝ። ምኑን ልቀንስ?»

መልስ፦

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ በማገልገልበት ጊዜ ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል አቤቱታ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ስላዘጋጀሁ፣ ያን ረቂቅ እንዴት እንዳረምነው ልንገርዎ።

የምሬት ቃል ባገኙ ቁጥር ዝም ብለው አይሰርዙት፤ ቃሉን ያመጣው ዓይንዎ ያየው ነገር ነውና፣ ቃሉን ብቻ ካወጡ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። የእኛ ረቂቅ «ሕዝብን የናቀው መሥሪያ ቤታችሁ በቆሻሻ ውስጥ እንድንኖር ፈርዶብናል» የሚል ነበር። ይህን ያስባለን ምን እንደሆነ ጎረቤቶችን አንድ በአንድ ስንጠይቅ ያገኘነውን መልስ በቦታው እንዲህ ብለን ተካነው፦ «በሁለቱ ብሎኮች መካከል ያለው ማንሆል ከጥቅምት ወር መጀመሪያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ እየሞላ ይፈሳል። ፍሳሹ እስከ ደረጃው መግቢያ ስለሚደርስ ነዋሪዎች ድንጋይ ደርድረው ይሻገራሉ፤ በምድር ወለል የሚኖሩትም መስኮት መክፈት አልቻሉም።» በዚህ አንቀጽ ውስጥ አንድም የቁጣ ቃል የለም፤ ነገር ግን ደብዳቤውን የሚያነበው ባለሙያ መጥቶ ሊያረጋግጠው የሚችለው ነገር ሁሉ አለ።

ሁለት ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች ግን ጠንቀቅ ይበሉባቸው። «ልጆቻችን በበሽታ አለቁ» ዓይነቱን የሕክምና ማስረጃ ካለዎት «ልጁ በዚህ ቀን ታክሟል፣ ማስረጃው ተያይዟል» ብለው ይጻፉት እንጂ፣ ሐኪም ያላለውን በሽታው ከፍሳሹ መጣ ብለው አይደምድሙ። ሠራተኛን በስም ጠርቶ ጉቦ ጠየቀ ማለትም ያለ ማስረጃ የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስም ማጥፋትን ያስቀጣል። ማስረጃ ካለም ቦታው ይህ ደብዳቤ ሳይሆን ለሚመለከተው አካል የሚቀርብ የተለየ ጥቆማ ነው።

ድግግሞሹን ለማግኘት በእያንዳንዱ አንቀጽ ዳር ላይ ስለምን እንደሚናገር በእርሳስ አንድ ቃል ይጻፉ፦ «ሽታ»፣ «ስልክ»፣ «መንገድ»። ተመሳሳይ ቃል የተጻፈባቸውን አንቀጾች ሰብስበው ዝርዝር ያለውን ብቻ ይያዙ። ነገር ግን ሐሳብ መደጋገሙና ድርጊት መደጋገሙ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ለመሥሪያ ቤቱ በተለያየ ቀን ደውለው ምላሽ ካጡ እያንዳንዱ ጥሪ ራሱን የቻለ ማስረጃ ስለሆነ ሊሰረዝ አይገባውም፤ የደወሉበትን ቀንና የተሰጠዎትን መልስ በቀን ቅደም ተከተል በአንድ አንቀጽ ያስፍሩት። በእኛ ረቂቅ ሦስት ቦታ ተበትኖ የነበረው የስልክ ጉዳይ በዚህ መንገድ ወደ አራት መስመር ወረደ።

በእኔ እምነት አቤቱታን ይበልጥ የሚጎዳው የመጨረሻው አንቀጽ ነው። «አስቸኳይ መፍትሔና ተገቢው እርምጃ ይወሰድልን» የሚል ጥያቄ ማን ምን እንደሚያደርግ ስለማይናገር፣ አንድ ሠራተኛ መጥቶ አይቶ ቢመለስ እንኳ እርምጃ ተወስዷል ሊባል ይችላል። ደብዳቤ መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ኃላፊው ከላይ ወይም ከዳር ለአንድ የሥራ ክፍል ይመራዋል። በመሆኑም የፍሳሹ ጥያቄ ከካሳ፣ ከመብራትና ከሠራተኛ ቅጣት ጋር በአንድ ወረቀት ከተቀላቀለ፣ የተመራለት ክፍል «ይህ እኛን አይመለከትም» ብሎ ሁሉንም አብሮ ሊያስቀምጠው ይችላል። እኛ ሌላውን ሁሉ ለየብቻ አድርገን በዚህ ደብዳቤ የጠየቅነው ይህን ነበር፦ «በመጀመሪያ የሞላው የማንሆል ፍሳሽ በመምጠጫ መኪና እንዲነሣልን፤ ቀጥሎም ተመልሶ የሚሞላበት ምክንያት በባለሙያ ተመርምሮ የተዘጋው ወይም የተሰበረው መስመር እንዲጠገንልን፤ ጥገናው የሚጀመርበት ቀንም በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።» ማንሳቱንና መጠገኑን መለየቱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መኪናው መጥቶ ከመጠጠ በኋላ ማንሆሉ በሳምንቱ ተመልሶ ቢሞላ ሁለተኛው ጥያቄ እንዳልተመለሰ ማንም ሊክደው አይችልም። የሚጠይቁት ነገር የዚያ መሥሪያ ቤት ሥራ መሆኑንም አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በግቢው ውስጥ ያለው የውስጥ መስመር የነዋሪው ማኅበር ኃላፊነት ነው ሊባሉ ይችላሉና።

«ጉዳዩ» የሚለው መስመርም በዚያው መጠን ይጥበብ፤ «የቅሬታ አቤቱታ ስለማቅረብ» ከማለት «በብሎክ እገሌ ጀርባ ያለው የማንሆል ፍሳሽ እንዲነሣና መስመሩ እንዲጠገን ስለመጠየቅ» ይበሉ። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ አድርገው፣ ፎቶዎቹን ቀናቸውን ጽፈው በአባሪ ያያይዙ። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱና በሚቀርዎት ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም እንዲያደርግበት ይጠይቁ፤ ምላሽ ጠፍቶ ወደ ቅሬታ ሰሚ ወይም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ቢያስፈልግ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን እንደጠየቁ የሚያሳይልዎ ያ ቅጂ ነው።