ከነሰፈፉ የተመዘነ ማር ሲጣራ በኪሎ ስንት ሊሸጥ ይገባዋል?

ጥያቄ፦ በዳንግላ አካባቢ ንብ አናቢ ነኝ። በኅዳር ከባህላዊ ቀፎዎቼ 60 ኪሎ ማር ከነሰፈፉ ቆርጫለሁ። ነጋዴው እንዳለ በኪሎ 300 ብር፣ አጣርቼ ካመጣሁ ግን 420 ብር እከፍላለሁ ይለኛል። ከፈለግህ ሳታጣራው በ420 ልውሰድና ለሰፈፍና ለውሃ ከመቶ 35 ልቀንስ የሚልም ሐሳብ አቅርቧል። ሰም ገዢ በኪሎ 350 ብር ይሰጠኛል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን የ120 ብር ልዩነት እንደ ትርፍ አይቁጠሩት፤ ልዩነቱ የአንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት ዋጋ ሳይሆን የሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ዋጋ ነውና። በ300 ብር የሚሸጡት ኪሎ ውስጥ ማር፣ ሰም፣ የአበባ ዱቄት፣ አንዳንዴም እጭ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ከ60 ኪሎው ውስጥ በ420 ብር ሊመዘን የሚችለው ማር ስንት ኪሎ እንደሆነ ነው። ይህ ከቀፎ ቀፎ፣ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ የሌላ ሰው መቶኛ ተውሰው አይወስኑ። ከልዩ ልዩ ቀፎዎች የተውጣጣ 10 ኪሎ ያህል ወስደው፣ የዕቃውን ክብደት አስቀድመው መዝነው ከቀነሱ በኋላ ያጣሩትና የራስዎን መጠን ያግኙ።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ሙከራው ለ60 ኪሎው ሲሰላ የሚከተለውን ውጤት ሰጠ እንበል። ከ60 ኪሎው ውስጥ እጭና የአበባ ዱቄት የበዛበት የማር እንጀራ 4 ኪሎ ተለይቶ ወጣ። ይህን አብረው ከጨመቁት ማሩን ያደፈርሰዋል፣ ቶሎም ያስቦካዋል፤ ለብቻው መቅረት አለበት። ከቀረው 56 ኪሎ 45 ኪሎ ማር ወረደ፣ 10.2 ኪሎ ሰፈፍ በወንፊቱ ላይ ቀረ፣ 0.8 ኪሎው ደግሞ በባልዲና በጨርቅ ላይ ተጣብቆ ባከነ። ሰፈፉ ታጥቦና ቀልጦ ሲጣራ 4.5 ኪሎ ንጹሕ ሰም ሰጠ። እጣቢውን ለብርዝ ወይም ለጠጅ መጠቀም ይቻላል፤ እኔ ግን በገቢው አልቆጠርሁትም።

ቀጥሎ የውሃው ጉዳይ አለ። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ማር ውስጥ ያለው ውሃ በአብዛኛው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ይጠይቃል። የእርስዎ 45 ኪሎ በመለኪያ ሲታይ ከመቶ 22 ውሃ ይዞ ቢገኝና ወደ 19 ማውረድ ቢያስፈልግ፣ ብዙ ሰው ከ45 ላይ ሦስት መቶኛ ቀንሶ 43.65 ኪሎ ይቀራል ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የማይለወጠው ውሃ ያልሆነው ክፍል ነው፤ እርሱም የ45 ኪሎው 78 በመቶ፣ ማለትም 35.1 ኪሎ ነው። ውሃው 19 በመቶ በሆነ ጊዜ ይኸው 35.1 ኪሎ የጠቅላላው 81 በመቶ ስለሚሆን፣ 35.1ን ለ0.81 ሲያካፍሉ 43.3 ኪሎ ያገኛሉ። እንግዲህ ለሽያጭ የሚቀርበው ማር ከመጀመሪያው 60 ኪሎ 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው።

አሁን ገንዘቡን እናስላ። እንዳለ ቢሸጡት 60 በ300 ሲባዛ 18,000 ብር ነው። አጣርተው ቢሸጡት 43.3 በ420 ሲባዛ 18,186 ብር፣ ከ4.5 ኪሎ ሰም ደግሞ 1,575 ብር ያገኛሉ። ለሁለት ቀን ሥራ፣ ክዳን ላለው ንጹሕ ባልዲና ለማገዶ በድምሩ 1,800 ብር ቢወጣ፣ በእጅ የሚቀረው 17,961 ብር ነው። ስለዚህ በተጠቀሰው ዋጋ ማጣራት ከድካም በቀር ምንም አይጨምርልዎትም። ማጣራቱ የሚያዋጣበትን መነሻ ዋጋ ለማወቅ 18,000 ላይ ወጪውን ደምረው የሰሙን ገቢ ይቀንሱና በ43.3 ያካፍሉ፤ ውጤቱ ወደ 421 ብር ነው። በ450 ብር የሚወስድ ገዢ ካገኙ በ1,260 ብር ይበልጣል። በተቃራኒው እንጀራው እጭና ዱቄት በዝቶበት የወጣው ማር 40 ኪሎ ብቻ ቢሆን፣ መነሻው ወደ 456 ብር ይወጣል።

ያልተጣራው ማር ዋጋ እንዲህ ተቀራርቦ መገኘቱ ሊያስገርምዎ አይገባም፤ ብዙው ማራችን ለጠጅ የሚውል በመሆኑና ጠጅ ጣዮች ከነሰፈፉ የሆነውን ስለሚፈልጉት፣ ያልተጣራውም ጥሩ ገበያ አለው።

ነጋዴው ያቀረበው የ35 በመቶ ቅናሽ ግን አይስማማኝም። ከ60 ኪሎ 35 በመቶ ሲነሳ 39 ኪሎ ይቀራል፤ በ420 ሲባዛ 16,380 ብር ሲሆን፣ እንዳለ ከመሸጥ በ1,620 ብር ያንሳል፤ ሰሙም ለእርሱ ይቀራል። ቅናሹ በሙከራዎ መሠረት 28 በመቶ ቢሆን 43.2 ኪሎ ተቆጥሮ 18,144 ብር ያገኛሉ፤ ይህ ያለ ምንም ልፋት ከሦስቱም የተሻለ ይሆናል። ስለዚህ 28ን ይዘው ይደራደሩ፤ እንቢ ካለ በ300 ብር እንዳለ ይሽጡለት።

ለማጣራት ከወሰኑ ውሃውን ሳያስወጡ 45 ኪሎውን መሸጥ ይፈትናል፤ 1.7 ኪሎው ወደ 714 ብር ነውና። ነገር ግን ከመቶ 22 ውሃ ያለው ማር በክምችት ሊቦካ ይችላል። አረፋ ማውጣት፣ ኮምጣጣ ሽታና የክዳን ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው፤ መለኪያ የያዘ ገዢ ደግሞ ገና ሲቀበል ይመልሰዋል። ውሃውን ለማስወጣት ማሩን በእሳት ማፍላት ጠረኑንና ቀለሙን ያበላሻል፤ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባያልፍ ይመረጣል። በሚሞቅና በደረቅ ክፍል ውስጥ በሰፊ ትሪ ላይ በስሱ አፍስሰው፣ ከአቧራና ከንብ ጠብቀው፣ ደጋግመው ያማስሉት፤ ውሃ የሚለቀው ፊቱ ብቻ ነውና። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ማሩ ውሃ ከመስጠት ይልቅ ከአየር ይስባል፤ በክረምት ክፍት አድርጎ ማስቀመጥ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ሰፈፉን በእሳት ላይ በቀጥታ አያቅልጡት። በጆንያ ቋጥረው በውሃ ውስጥ ሳይፈላ ያሙቁትና ሰሙ ከላይ ሲንሳፈፍ እንዲረጋ ይተዉት። የብረት ድስት ሰሙን ያጠቁራል፤ ጥቁር ሰም ደግሞ 350 ብር ላያወጣ ይችላል።

ለሚቀጥለው ቆረጣ፣ ንቦቹ ከሦስት አራተኛው በላይ የከደኑትን እንጀራ ብቻ ይቁረጡ። የተከደነውን ንቦቹ ራሳቸው አድርቀውታልና የትሪውን ሥራ ያስቀርልዎታል፤ እጭ ያለበትን እንጀራ በቀፎው ውስጥ ቢተዉትም ከ60 ኪሎ የሚወርደው ማር በመቶኛው ይጨምራል።