ቤዙ የሚጮኸው አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ላይ ነው

«ሞኒተር ስፒከሮቼ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፣ ጠረጴዛው ጥግ ውስጥ ነው። ቤዙ ክፍሉን ያናውጠዋል፣ መኪና ውስጥ ስሰማው ግን ሚክሱ ባዶ ነው። ቮካሉም ወደ ግራ ያዘነብልብኛል። ፎም ልግዛ?»

አትግዛ ወንድሜ! ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ቤቴ መጥቶ ግድግዳውን በሙሉ በስስ ፎም አልብሶልኝ ሄዷል። ክፍሉን በሜትር እንኳ አልለካም። የመቀመጫዬን ቦታ ስጠይቀው «ወንበር ድምፅ አይቀይርም» ብሎ ሳቀብኝ። ስስ ፎም የሚውጠው ሲምባሉንና የ«ስ» ድምፁን ነው። 40 ኸርዝ አካባቢ ያለ ቤዝ የሞገዱ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ስለሆነ ፎሙን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ክፍሌ ላይኛው ድምፅ ደብዝዞ፣ ቤዙ እንዳለ ቀረ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

1. መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለይ። ኬብላቸውን ሳትነቅል ሁለቱን ስፒከሮች ቦታ አቀያይራቸው። ቮካሉ ወደ ቀኝ ከዞረ ችግሩ ስፒከሩ፣ ኬብሉ ወይም ሳውንድ ካርዱ ነው። አሁንም ወደ ግራ ካለ ክፍሉ ነው። የእኔ ወደ ግራ እንዳለ ቀረ፤ ያንተም እንደዚያው እንደሚሆን አልጠራጠርም።

2. ከጥግ ውጣ። ግራው ስፒከር ጥግ ውስጥ ሲሆን ሁለት ግድግዳ ቤዙን ያጎላለታል፣ ቀኙ ግን ያን አያገኝም። በዚያ ላይ ከግራው ግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ቮካሉን ወደራሱ ይጎትተዋል። የእኔ ክፍል 4.20 በ3 ሜትር ነው። ጠረጴዛውን አጭሩ ግድግዳ ጋር፣ ልክ መሃሉ ላይ አዞርኩት። ከጆሮዬ ወደ ግራም ወደ ቀኝም 1.50 ሜትር ሆነ። ቮካሉ ያን ዕለት መሃል ገባ።

3. ወንበሩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ድሮ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ነበር የምሠራው። ግድግዳ ላይ ደግሞ ቤዝ ይከማቻል። ስለዚህ ቤዙ በዛ ብለህ ትቀንሳለህ፣ መኪና ውስጥ ባዶ ይሆናል። የድምፅን ፍጥነት፣ በሴኮንድ 344 ሜትርን፣ ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍል፦ 344 ሲካፈል ለ8.40፣ 41 ኸርዝ ገደማ። ይሄን ድምፅ ያለማቋረጥ አጫውትና ከፊት ወደ ኋላ በቀስታ ተራመድ። ግድግዳው ጋር ጆሮህን ይጫነዋል። መሃል ላይ፣ 2.10 ሜትር አካባቢ ስትደርስ፣ ስፒከሩ የጠፋ እስኪመስልህ ድረስ ይሰወራል። እኔ ይሄን ስሰማ ነው ያ ሰውዬ ምንም እንደማያውቅ የገባኝ። ትንንሽ ስፒከሮች 41ን በደንብ አያወጡትም፤ ያኔ በ82 ሞክር። እሱ ግን መሃል ላይ ይጎላል፣ ከግድግዳዎቹ 1 ሜትር ገደማ ላይ ይጠፋል።

እንግዲህ ግድግዳውም መሃሉም አይሆንም። ከፊት ግድግዳ የርዝመቱን 38 በመቶ ያህል ወስደህ ጀምር። ለእኔ 1.60 ሜትር መጣ። ይሄ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የምታውቀውን የቤዝ መስመር አጫውትና ወንበሩን በ10 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራት። ኖታዎቹ እኩል የሚሰሙበት ቦታ ላይ ቁም።

ስፒከሮቹን ግን ከወንበሩ ጋር አብረህ ወደ ክፍሉ መሃል አታምጣቸው። ከጀርባቸው ያለው ግድግዳ ድምፁን መልሶ አንዱን ቤዝ ያጠፋዋል። የስፒከሩ ፊት ከግድግዳው 1 ሜትር ከራቀ ጉድጓዱ 86 ኸርዝ ላይ ያርፋል፤ ቤዝ ጊታሩ የሚኖርበት ቦታ ነው። የእኔን 40 ሳንቲ ሜትር ላይ አቆምኳቸው። ጉድጓዱ 215 አካባቢ ወጣ፣ እዚያ ደግሞ ከስፒከሩ ጀርባ የሚቆም ወፍራም ፓነል ይረዳል። ግድግዳው የሚጨምረውን ቤዝ ስፒከሩ ጀርባ ባለው የቤዝ ማስተካከያ ቀንስ። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል 1.40፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ ጆሮዬ 1.40 ነው። ትዊተሩ በጆሮ ከፍታ ይሁን።

አንድ የማይሸሽ ነገር አለ። መሃል ስትቀመጥ የክፍሉ ስፋት የሚፈጥረው ቤዝ፣ ለእኔ 57 ኸርዝ አካባቢ፣ ይደክምብሃል። ስቴሪዮው እንዲስተካከል ስል ተቀብዬዋለሁ፤ ያንን ቦታ በሄድፎን አጣራለሁ። ኢኪው ከፍ አድርገህ ልትሞላው አትሞክር። የጎላውን ኢኪው ይቀንስልሃል፤ የጠፋውን ግን ብትጨምርለትም ያው ስፒከሩን ማስጨነቅ ነው። አሁን የምልካቸው ሚክሶች «ቤዙን አስተካክል» ተብለው አይመለሱብኝም፣ በዚህ እኮራለሁ።

ዛሬ ማታ ክፍልህን ለካና ርዝመቱን፣ ስፋቱንና በሩ የት እንዳለ እዚህ ጻፍልኝ፤ የወንበሩን መነሻ ቦታ አብረን እናወጣለን።