አይኤልትስ፣ ሴልፒፕ ወይስ ፒቲኢ? ለካናዳ አመልካቾች ጥያቄና መልስ

«አካዳሚክ አይኤልትስ አለኝ፣ በአጠቃላይ 7 ነው ያመጣሁት። ለኤክስፕረስ ኢንትሪ ይበቃኛል አይደል?» (ከአዲስ አበባ)

አይሆንሽም እህቴ። ኤክስፕረስ ኢንትሪ አመልካቾችን በነጥብ አወዳድሮ ለቋሚ ነዋሪነት የሚጋብዝ የካናዳ መንገድ ነው፤ ለሱ የሚቀበሉት ጄኔራል ትሬኒንግ የሚባለውን አይኤልትስ ነው። ከሱ ሌላ ሴልፒፕ ጄኔራል የሚባል የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ፒቲኢ ኮር ተጨምሯል። «ኮር» የሚለውን ልብ በይ፤ ፒቲኢ አካዳሚክ ከተፈተንሽ ብርሽን በላው። አጠቃላይ 7 የምትዪውንም እርሺው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ለየብቻ ነው የሚታዩት።

«የትኛው ይቀላል?» (ከዱባይ)

በንግግሩ ለይ። አይኤልትስ ላይ ከሰው ጋር ታወራለህ። ሴልፒፕ ላይ ማይክ ላይ ነው፣ ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ እየቆጠረ። እኔ ስፈተን ጎኔ የነበረው ልጅ ስለ አያቱ ቤት እየጮኸ ያወራ ነበር፤ የራሴን ሐሳብ ትቼ የሱን አያት ሳስብ ደቂቃዬ አለቀች። የሰው ፊት ለሚያስፈራው ግን ማይኩ ይሻላል።

*ከታዳሚ፦ «ሴልፒፕ ይቀላል፣ ሁሉም የሚለው ነው።»* የሚሉት ያለፉት ናቸው፤ የወደቀው መች ያወራል? እኔ አልፈርድም። የሁለቱንም ነጻ መለማመጃ ሞክርና ራስህ እየው።

«ማዳመጥ 7.5፣ ማንበብ 7፣ መጻፍ 6.5፣ መናገር 7 አለኝ። ያላገባሁ ነኝ፣ ባችለር ዲግሪ አለኝ፣ እዚህ አገር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ድጋሚ መፈተኑ ያዋጣኛል?» (ከአዲስ አበባ)

በጣም። ካናዳዎች የፈተናውን ውጤት ሲኤልቢ ወደሚሉት የራሳቸው ደረጃ ይቀይሩታል፤ ትልቁ ዝላይ ያለው ሲኤልቢ 9 ላይ ነው። ለሱ በአይኤልትስ ማዳመጥ 8፣ ሌሎቹ ሦስቱ 7 ይፈልጋሉ። አንተ በማዳመጥና በመጻፍ ግማሽ ግማሽ ጎድሎሃል።

አሁን ከቋንቋው 108 ነጥብ ነው ያለህ፤ አራቱም ሲኤልቢ 9 ቢገቡ 124 ይሆናል። ይህ 16 ብቻ ነው። ዋናው ሌላ ቦታ ነው፦ ዲግሪህ ከቋንቋው ጋር ተጣምሮ የሚሰጥህ ከ13 ወደ 25፣ የሥራ ልምድህ ደግሞ ከ25 ወደ 50 ይዘላል። ድምሩ 53 ነጥብ ነው። ማዳመጡን ብቻ አሻሽለህ መጻፉ 6.5 ላይ ከቀረ ግን የምታገኘው 8 ነጥብ ነው። ጥምሩ የሚከፈተው አራቱም 9 ሲገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ጊዜህን ጽሑፉ ላይ አውለው፤ የጻፍከውን የሚያርምልህ ሰው ፈልግ።

*ከታዳሚ፦ «አይኤልትስ እኮ አንዱን ክፍል ብቻ ድጋሚ መፈተን ይፈቅዳል። ጽሑፉን ብቻ ይፈተን!»* አይኤልትስ መፍቀዱ እውነት ነው። ለኤክስፕረስ ኢንትሪ ግን አይያዝለትም። አራቱም በአንድ ፈተና የተገኙ መሆን አለባቸው፤ ከሁለት ወረቀት መቀጣጠል የለም። ጽሑፉ ያለ አግባብ ተቀንሶብኛል ካልክ እንደገና እንዲታረም መጠየቅ ትችላለህ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ። ውጤቱ ከተቀየረ የከፈልከው ይመለስልሃል።

«ግብዣው ከመጣልኝ በኋላ ፈተናዬ ጊዜው ቢያልፍ ችግር አለው? ጓደኛዬ የለውም ብሎኛል።» (ከዋሽንግተን)

ጓደኛሽ ግማሹን ነው የያዘው። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ቢያልፍ ችግር የለም። በምታስገቢበት ቀን ግን ሁለት ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውጤትሽ የወጣው መጋቢት 10፣ 2024 ነው እንበል። ግብዣው ጥር 20፣ 2026 ቢመጣልሽ ማመልከቻውን ለማስገባት 60 ቀን አለሽ፣ እስከ መጋቢት 21። ፈተናሽ ግን 11 ቀን ቀድሞ ይሞታል። ያንቺ ቀነ ገደብ ከመጋቢት 10 በፊት ነው ማለት ነው።

በመሃል ተፈትነሽ አዲሱን ማስገባት ይቻላል፤ ግን ውጤቱ ቀንሶ ጠቅላላ ነጥብሽን ከተጋበዝሽበት ዙር መቁረጫ ነጥብ በታች ካወረደው ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። ያኔ ግብዣውን ትቶ ተወዳዳሪዎች ግብዣ ወደሚጠብቁበት ገንዳ መመለስ ይሻላል። ሁለት ዓመቱን ውጤቱ ከወጣበት ቀን ይቆጥራሉ። እኔ ግን ከተፈተንኩበት ቀን እቆጥር ነበር፤ ጥቂት ቀን ብከስር ነው።

«የኔ አይኤልትስ በፈረንጆቹ የ2017 ነው፣ ካናዳ ሰባት ዓመቴ ነው። ወረቀቴ ሞቷል ማለት ነው?» (ከቶሮንቶ)

ጋሼ፣ እርስዎ የሚያመለክቱት ለዜግነት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ለዜግነት ጊዜው ያለፈበትንም ውጤት ይቀበላሉ፤ የሚፈልጉትም ማዳመጥና መናገርን ብቻ ነው። እንደውም 55 ዓመት ከሞላዎት ቋንቋውን ጭራሽ አይጠይቁዎትም።

«ፈተናዬ ጊዜው ሊያልፍ ሰባት ወር ቀርቶታል። አሁን ልፈተን ወይስ ግብዣውን ልጠብቅ?» (ከሪያድ)

አሁን ተፈተኝ። ቢቀንስብሽ የድሮው እስኪያልፍ ድረስ ይሠራል፤ አዲሱን እንድታስገቢ የሚያስገድድሽ የለም። ቢጨምርልሽ ፕሮፋይልሽን ዛሬውኑ ቀይሪ። መጨረሻው ወር ላይ ከገፋሽው ግን የመፈተኛ ቦታ ይሞላብሻል፣ ፈተናውም ሲያልፍ ፕሮፋይልሽ ከገንዳው ይወጣል። መቁረጫው እስከዚያ ይወርዳል ወይ ለሚለው፣ እሱን የሚያውቅ ካለ እኔም ልጠይቀው።