ሮስተር በቴሌግራም ይለቀቃል?

«ሪከርድ ክፍል የምሠራ እህታችሁ ነኝ። ሮስተሩን ከነፎቶው በወላጆች ግሩፕ ልቀቂ ተባልኩ። ምን ላድርግ?»

አትልቀቂው። ወላጅ የሚያየው የራሱን ልጅ ውጤት ነው፤ ሮስተሩ ግን የክፍሉን ልጅ ሁሉ ደረጃ ይዟል፣ አንዴ ፎርዋርድ ከተደረገ ደግሞ መመለሻ የለውም። ካርዱን ለየወላጁ ስጪ። ሙሉው ሮስተር ለክፍል ኃላፊው፣ ለርዕሰ መምህሩና ለአንቺ ይበቃል። የሕክምና ወረቀት ካለ ከማኅደሩ ለይተሽ ቆልፊበት፤ እሱን ሁሉም መምህር ማየት የለበትም።

ሮስተሩን እንዳትጥሉት፤ ከ20 ዓመት በኋላም ትራንስክሪፕት ብሎ የሚመጣ አለ። የጉርድ ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ያለው ቅጂ ግን ልጁ መልቀቂያ ሲወስድ ይጥፋ። ለመታወቂያ የተነሳውን ባነር ላይ መለጠፍማ (ስንቱ ትምህርት ቤት ያደርገዋል!) የወላጅ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይውል ይከለክላል። አለቃሽ ከገፋ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቂው።