መልስ፦ ከሐዲዱ ይልቅ ሽቦውን ይመልከቱ

«ፎቶው ላይ ሐዲድና የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ነው የሚታየው። አዳማ ይሁን አዲስ አበባ በምን ልለየው?»

የሐዲዱ ስፋት ብቻውን አይበቃም፤ በአዳማ የሚያልፈው አዲሱ የጅቡቲ መስመርም ሆነ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር 1,435 ሚሊሜትር ስፋት አላቸውና። ዋናው ፍንጭ ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ኢንሱሌተር ነው፤ የጅቡቲው መስመር 25,000 ቮልት ስለሚሸከም ኢንሱሌተሩ ረጅም ሆኖ ብዙ ቀለበት የተደራረበበት ሲሆን፣ ቀላል ባቡሩ ግን በ750 ቮልት ስለሚሠራ አጭር ይበቃዋል። ፎቶው ከሩቅ ተነሥቶ ኢንሱሌተሩ በግልጽ ካልታየ፣ ባቡር የሚታይበት ሌላ ፎቶ ይፈልጉ፤ በሎኮሞቲቭ የሚጎተቱ ረጃጅም ፉርጎዎች ካሉ የጅቡቲው መስመር ነው። በእኛ አዳማ ሽቦ የሌለው ጠባብ ሐዲድ ካጋጠመዎት ደግሞ፣ እሱ የ1,000 ሚሊሜትሩ የቀድሞው የፈረንሳዮች መስመር ነው።