ኬሚካል ዓይን ውስጥ ሲገባ፦ 20 ደቂቃ ንጹህ ውሃ

ጥያቄ፦ ትናንት ፀረ አረም ልበጠብጥ የጠርሙሱን ክዳን ስከፍት ፈንጠር ብሎ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሁለት ሦስቴ በውሃ ታጠብኩ፤ ወንድሜም ወተት አንጠበጠበልኝ። ማቃጠሉ ተወኝ፣ ግን ዓይኔ እንደቀላ ነው፤ ብርሃንም አልችል ብሏል። ልጠብቅ ወይስ ልታከም? ሌላ ጊዜ ቢገጥመንስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይታከሙ። ማቃጠሉ መተዉ አያዘናጋዎት። ዓይን ከቀላና ብርሃን መቋቋም ካቃተው የፊተኛው ግልጽ ሽፋን ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ፀረ አረም፣ ለምሳሌ ፓራኳት ያለበት፣ መጀመሪያ ቀላል መስሎ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ይብሳል። ሲሄዱ ጠርሙሱን በደንብ ከድነው፣ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውት ይሂዱ። ሐኪሙ ከመለያው ጽሑፍ ላይ ምን እንደገባብዎት ያነባል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ሁለት ሦስቴ መታጠብ አይበቃም። ኬሚካል ዓይን ውስጥ ሲገባ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ያውም ወዲያውኑ። ጉዳቱን ከሁሉም በላይ የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ናቸው። ስለዚህ የተፈላ ውሃ እስኪቀዘቅዝ ወይም መኪና እስኪመጣ አይጠበቅም። በአቅራቢያዎ ባለው ንጹህ ውሃ ይጀምሩ።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። የተጎዳው ሰው ጭንቅላቱን ወደተጎዳው ዓይን በኩል ያዘነብላል፤ በእርስዎ ሁኔታ ወደ ቀኝ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን እጣቢው ወደ ደህናው ዓይን አይሄድም። ዓይን ሲቃጠል በራሱ ይጨፈናል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው እጁን ፈጥኖ ታጥቦ የላይኛውንና የታችኛውን ቆብ በጣቶቹ ከፍቶ ይያዝለት። በሌላው እጅ ውሃውን ከቅርብ፣ በቀስታ፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ በኩል እንዲፈስ ያድርግ። የተጎዳው ሰው ዓይኑን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎንና ጎን ያንቀሳቅስ። አለዚያ ከቆቡ ሥር የተደበቀው ኬሚካል እዚያው ይቀራል። የዓይን ሌንስ ያደረገ ሰው ከሆነ፣ በቀላሉ ከወጣ እየታጠበ ያውጣው። ኬሚካል የነካው ልብስም ይውለቅ።

20 ደቂቃ ሲቃጠሉ ረጅም ነው። ብዙ ሰው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ተሻለኝ» ብሎ ይተዋል። ሰዓት ይያዙ። በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል ካፈሰሱ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለአንድ ዓይን ይበቃል።

የኖራ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ኖራ፣ ኮስቲክ ሶዳና አሞኒያ የዓይንን ሴሎች የሚሸፍነውን ስብ እየፈቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ስለዚህ ሕመሙ ቀለል ቢልም ጉዳቱ እየቀጠለ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠቡ፤ ከዚያም ቢሆን ወደ ሕክምና እስኪደርሱ ማጠቡን ባያቋርጡ ይሻላል። ዱቄት ኖራ ከሆነ፣ ፊትና ቅንድብ ላይ ያለውን በደረቅ ጨርቅ ፈጥነው ያራግፉ፤ ዓይኑን ግን ወዲያው በብዙ ውሃ ያጥቡት። የላይኛው ቆብ ሥር የቀረች ቅንጣት ለብዙ ሰዓት ልታቃጥል ስለምትችል፣ ለሐኪሙ «ኖራ ነው፣ ቆቡን ገልብጠው ይዩልኝ» ይበሉት።

ወንድምዎ ያደረገው ከፍቅር ነው፤ ወተት ግን አይጨመርም። ኬሚካሉን አያጠፋም፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ጀርምም ሊያስገባ ይችላል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በኖራ ላይ «ያረክሰዋል» ብሎ መጨመር ደግሞ የባሰ ነው፤ ሌላ ቃጠሎ ያመጣል። ዓይንን አይሹ፤ ማሸት የተጎዳውን ሽፋን ይልጠዋል። ቤት ውስጥ የተረፈ የዓይን ጠብታ ወይም ቅባት አያድርጉ። በፋሻም አጥብቀው አይጠቅልሉ፤ ያልወጣው ኬሚካል ከቆቡ ሥር ይታፈናል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ፀረ ተባይ በዓይን በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ላብ፣ ምራቅ መብዛት፣ ማስመለስ፣ ጡንቻ መንቀጥቀጥ ወይም መተንፈስ መቸገር ከታየ ጉዳዩ ከዓይን አልፏል። በሽተኛውን ወዲያው ወደ ሆስፒታል ያድርሱት፤ ጠርሙሱንም ይዘው።

ከዛሬ ጀምሮ ኬሚካል የሚበጠብጡበት ቦታ አጠገብ ንጹህ ውሃ የሞላ ጄሪካን አይጥፋ፤ ለሌላ ሥራም አይዋል። ጎኑ የተሸፈነ መከላከያ መነጽር ደግሞ ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው መርጨት ሲጀምር ነው፤ ያልተበረዘውና ከሁሉም ኃይለኛው ኬሚካል ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነው።