በመጨረሻው ሌሊት የሚመጣው ብርታት ከየት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ለልደት በዓል መነባንብ እንድጽፍ ተነገረኝ። በጣም ደስ አለኝ። ግን ዛሬ ነገ ስል ታኅሣሥ 27 ደረሰ። በአንድ ሌሊት ጻፍኩት፤ ሰዉም ወደደው። የምወደውን ሥራ ሁሌም እንዲህ ነው የማደርገው። አሁን ለትንሣኤ ሌላ ሰጥተውኛል። ይህ ስንፍና ነው? ወይስ «በዚያች ሰዓት ይሰጣችኋል» እንደተባለው መንፈስ ቅዱስ የሚረዳኝ በመጨረሻው ሰዓት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። መጀመሪያ ጥቅሷን ወደ ቦታዋ እንመልሳት። ማቴዎስ 10፥19 ላይ ጌታ ይህን የተናገረው ተይዘው ለፍርድ ለሚቀርቡ ደቀ መዛሙርት ነው። እነሱ ቀድመው የሚያሰናዱበት ጊዜ የላቸውም። አንቺ ግን ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ነበረሽ። መንፈስ ቅዱስ አልረዳሽም አልልም። ግን ኅዳርም ላይ እዚያው ነበረ፤ ወረቀቱ ነው ያልነበረው።

ስንፍናም አይመስለኝም። እስቲ በእነዚያ ሳምንታት ምን ስትሠሪ እንደነበር አስቢ። ልገምት? ቤት አጽድተሻል። የሰው ጉዳይ ሮጠሽ ጨርሰሻል። የመዝሙር ልምምድ አልቀረሽም። የማያስጨንቅሽን ሁሉ በጊዜው ሠርተሽ፣ የምትወጂውን ብቻ ነው ያቆየሽው። ሰነፍ ሰው እንዲህ አይመርጥም፤ ሁሉንም ነው የሚተወው።

መነባንቡ ልብሽ ውስጥ እያለ ፍጹም ነው። የመጀመሪያዋ መስመር ወረቀት ላይ ስትወርድ ግን ታስጠላለች። «እንዲህ ነበር እንዴ ያሰብኩት?» ትያለሽ። ትንሽ ያምማል። ስልክሽን ስታነሺ ሕመሙ ይቀልልሻል። ችግሩ ያቺ ቅለት ናት። ነፍስ ከዚያ ሥራ መሸሽ እንደሚያሳርፍ ትማራለች፣ በማግስቱም ቶሎ ትሸሻለች። ሥራውን በወደድሽው መጠን ሕመሙም ያይላል። ለዚህ ነው ምንም ግድ የማይሰጥሽን ደብዳቤ በአሥር ደቂቃ ጽፈሽ መነባንቡ ወር የሚፈጅብሽ።

አንድ መክሊት የተቀበለውን ሰው ታስታውሻለሽ። ጌታው ሲመለስ የተናገረውን ልብ ብለሽዋል? «ፈራሁም» ነው ያለው። ጌታው ደግሞ «ሐኬተኛ» አለው። ከውጭ ሲታይ ሐኬት ነበረ፤ ከውስጥ ፍርሃት። ፍርሃቱ ከፍርድ አላዳነውም፣ ስለዚህ ማመካኛ አላደርገውም። ግን መድኃኒቱን ይለውጠዋል። ፈሪውን ሰው ብትቆጪው ጉድጓዱን ነው የሚያጠልቀው። ራስሽን «ሰነፍ» እያልሽ ስትሰድቢ የምታደርጊው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ታኅሣሥ 27 ምን ተለወጠ? ኅዳር ላይ ፍርሃትሽ «ካላማረስ?» የሚል ነበር። በዚያች ሌሊት «ባዶ እጄን ብቆምስ?» የሚል ሌላ ፍርሃት መጣና የመጀመሪያውን ዋጠው። ደግሞም ማማር ግዴታ መሆኑ ቀረ። ቢበላሽ «በአንድ ሌሊት እኮ ነው የጻፍኩት» ትያለሽ፤ ጥፋቱ የጊዜው ይሆናል። ቢያምር ደግሞ ተአምረኛ ነሽ። ሌሊቱ አዲስ ችሎታ አልሰጠሽም። ከትከሻሽ ላይ ሸክም ነው ያወረደልሽ።

«ግን እኮ ጥሩ ሆነ» ትይኛለሽ። ከምን ጋር አወዳድረሽ? በሁለት ወር የተጻፈውን መነባንብ ማንም አላየውም። ዳያን ታይስ እና ሮይ ባውማይስተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት ጥናት አለ። ሥራቸውን የሚያቆዩ ተማሪዎች በመንፈቁ መጀመሪያ ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀትና ሕመም ነበረባቸው። መጨረሻው ላይ ግን ከሌሎቹ በለጠባቸው። ውጤታቸውም ዝቅ ያለ ነበር።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ዘጌ ላይ ለዓመታዊ በዓል እንዳስተምር ወር ሲቀረው ተነገረኝ። ጽሑፉን የጀመርኩት ጀልባው ላይ ነው። ከባሕር ዳር እዚያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ማዕበሉም ወረቀቴን አርሶታል። ሕዝቡ እልል አለ። በኋላ አንድ አረጋዊ መርጌታ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የፊተኛው ግማሽ ጥሩ ነበር። የኋለኛውን ማን ጻፈው?» አሉኝ። እሳቸው ባይናገሩ ኖሮ እኔም እስከ ዛሬ «ሲጨንቀኝ ነው የሚዋጣልኝ» እያልኩ እኖር ነበር።

ቅኔ ቤት የቆየ ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል። ዋሸራም ይሁን ሌላው የጎጃም ቅኔ ቤት፣ ጀማሪ ተማሪ «ዓመቱ ሲያልቅ መወድስ ይዘህ ና» አይባልም። መነሻው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ማታ መምህሩ ፊት ይናገራል፣ ይታረማል። ሲበረታ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ብዙ ቆይቶ ነው የሚመጣው። አየሽ፣ ቅኔ ቤት ውስጥ የመጨረሻው ሌሊት በየቀኑ ይመጣል። ግን ትንሽ ነው። የዛሬው ቢበላሽ ነገ ሌላ አለ፣ ስለዚህ ተማሪው የሚፈራው ያን ያህል አይደለም። የሚሰማው ሰውም አለ።

ለትንሣኤው እንዲሁ አድርጊ። የዐቢይ ጾም እሑዶች ስም አላቸው፣ እንደ ቀጠሮ ተጠቀሚባቸው። ለቅድስት ሁለት መስመር ብቻ ጻፊ፤ አስቀያሚ ቢሆኑም ይሁኑ። ለምኩራብ የመጀመሪያውን አንጓ፣ ለመፃጉዕ ሁለተኛውን። ለደብረ ዘይት እስከ መጨረሻው ድረስ፣ እንደ ምንም። የመክሊቱ ወንጌል በሚነበብበት በገብርኄር ሙሉውን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ኒቆዲሞስ የማረሚያ ነው። ከሆሣዕና በኋላ አትንኪው።

ቀጠሮውን ለራስሽ ብቻ ከያዝሽው ግን አይሠራም፤ ከራስ ጋር የተያዘ ቀጠሮ ቶሎ ይሸጋገራል። ከጉባኤ በኋላ የምታነቢላት አንዲት እህት ፈልጊ። «ጎበዝ» ብቻ የምትል አትሁን፤ «ይቺ አልገባችኝም» የምትል ትሁን። አንድ እሑድ ባዶ እጅሽን ብትመጪም ምንም አልጻፍኩም ብለሽ ንገሪያት እንጂ አትቅሪ። መቅረት ስትጀምሪ ነገሩ ወደ ድሮው እየተመለሰ መሆኑን እወቂ።

አንድ ነገር ልለይልሽ። የምትወጂው ሥራ ብቻ ሳይሆን ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ ጸሎቱም ለሳምንታት ካስጠላሽ ያ ሌላ ነገር ነው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂጂ።

ንስሐ ካልኩ አይቀር፣ እሱንም የምናቆየው በዚሁ መንገድ ነው። «ትንሽ ልስተካከልና እገባለሁ» እንላለን። መነባንብ ቢያንስ ታኅሣሥ 27 አለው፤ ንስሐ ግን የተቆረጠ ቀን የለውም። ስለዚህ ከአባትሽ ጋር ቀን ቆርጠሽ ተነጋገሪ።

የልደቱን ዘዴ ለትንሣኤ ልድገመው ካልሽ ደግሞ አስቢበት። የዚህኛው መጨረሻ ሰሙነ ሕማማት ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስትሰግጂ ውለሽ ማታ እስክሪብቶ የሚይዝ ጉልበት አይኖርሽም።